ደብዳቤው ያልተናገረው፦ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል አንባቢዎች ስድስት አጫጭር የስደት ልብወለዶች

ቶልሮይ ከጃማይካ ለንደን ገብቶ ሥራ ይዟል። ለእናቱ በሚጽፈው ደብዳቤ በሳምንት አምስት ፓውንድ እንደሚያገኝ ነግሯታል። አልዋሸም፤ ደመወዙ ያው ነው። አምስት ፓውንድ ለንደን ላይ ምን እንደሚገዛ ግን አልጻፈም። እናቱን ሊቀበል ወተርሉ ባቡር ጣቢያ ሄዶ ሲጠብቅ ታዲያ ከባቡሩ የምትወርደው እናቱ ብቻ አይደለችም። አክስቱ ታንቲ ቤሲ፣ አግነስና ባሏ ሉዊስ፣ ልጆቹም ሳይቀሩ ሻንጣቸውን ይዘው ዱብ ይላሉ። የአምስቱን ፓውንድ ወሬ ሁሉም ሰምተዋል።

ይህ የትሪኒዳዱ ደራሲ ሳም ሴልቨን በ1956 ካሳተመው «ዘ ሎንሊ ለንደነርስ» (ብቸኞቹ ለንደናውያን) ከተሰኘው መጽሐፍ መግቢያ የተወሰደ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ለመሰናዶ ተማሪዎች የመረጥኳቸው ስድስት መጻሕፍት የየአገሩ ናቸው፤ በሁሉም ውስጥ ግን ቤትና ባዕድ አገርን የሚያገናኝ አንድ ደብዳቤ ወይም መልእክት አለ፤ መልእክቱም አንድ ነገር ይደብቃል። ተማሪው እያንዳንዱን መጽሐፍ ሲከፍት «ማን ጻፈው? ለማን? ምን ተዘለለ?» ብሎ ይጀምር። ስደትን ከመርከብና ከድንበር ይልቅ በዚህ በኩል ማየት ለእኛ አንባቢዎች የሚቀርብ ይመስለኛል፤ ከጅዳ ወይም ከቤሩት በሚደወል ስልክ «ደህና ነኝ» ሲባል ሰምቶ የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነውና።

የሴልቨን መጽሐፍ ያስቃል። ታንቲ ቤሲ ለንደን ገብታ ብዙም ሳትቆይ የሰፈሩን ባለሱቅ በዱቤ እንዲሸጥ ታስለምደዋለች። ቀደም ብሎ የመጣው ሞሰስ ግን አዲስ መጪዎችን መቀበል ሰልችቶታል። እሁድ እሁድ የአገሩ ልጆች ጠባብ ክፍሉ ውስጥ ተሰብስበው ያንኑ ወሬ ይደጋግማሉ፤ እንመለሳለን ይላሉ፣ አይመለሱም። ተራኪው የሚናገረው በካሪቢያኖች እንግሊዝኛ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች ተማሪውን ያንገዳግዱታል። ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ይረዳል፤ ሰዋስው ለማረም መሞከር ግን ከንቱ ድካም ነው።

የጁሊ ኦትሱካ «ዘ ቡድሃ ኢን ዚ አቲክ» በ2011 የታተመ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፎቶግራፍ ብቻ አይተው ለማያውቋቸው ባሎች ወደ ካሊፎርኒያ የተላኩ ጃፓናውያን ሴቶችን ይተርካል። መርከቧ ላይ ፎቶግራፎቹን እያወጡ ያነጻጽራሉ፤ ባሎቹ ቆንጆዎች ናቸው። ወደቡ ላይ የሚጠብቋቸው ሰዎች ግን ያረጀ ካፖርት የለበሱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሠራተኞች ሆነው ይገኛሉ። ፎቶግራፎቹ የሃያ ዓመት ናቸው። ማራኪዎቹን ደብዳቤዎች የጻፉትም ባሎቹ ሳይሆኑ ሥራቸው ይኸው የሆነ ሰዎች ናቸው።

መጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ የለውም። ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚናገረው «እኛ» ነው፤ አንዳችን እንዲህ ሆንን፣ ሌላችን እንዲያ እየተባለ የብዙ ሴቶች ዕጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያልፋል። ተማሪ መጀመሪያ ላይ «የማንን ታሪክ ልከተል?» ብሎ ይቸገራል። ይታገሥ። በ1942 የአሜሪካ መንግሥት ጃፓናውያንን ከምዕራቡ ጠረፍ አንሥቶ ወደ ካምፕ ሲያግዛቸው የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሌላ «እኛ» ይናገራል፤ ከተማው ውስጥ የቀሩት ነጮች። ጎረቤቶቻቸው የት እንደሄዱ ይጠያየቃሉ፤ ቀስ በቀስም ይረሷቸዋል። የሴቶቹ ድምፅ ከመጽሐፉ ራሱ ጠፍቷል። ተራኪ መለወጥ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ከስድስቱ አንድ ብቻ ማንበብ የሚችል ክፍል ካለ የጋሳን ከነፋኒን «ሜን ኢን ዘ ሰን» (በፀሐይ ውስጥ ያሉ ሰዎች) ይያዝ። ፍልስጤማዊው ደራሲ በ1963 በዓረብኛ ያሳተመው ነው፤ በሁለት ክፍለ ጊዜ ያልቃል። እሱ ራሱ ኩዌት ውስጥ አስተማሪ ሆኖ ሠርቷል። በ1972 ቤሩት ላይ መኪናው ውስጥ በተጠመደ ፈንጂ ተገደለ።

ሦስት ፍልስጤማውያን ያለ ወረቀት ኩዌት ለመግባት ባስራ ይደርሳሉ፤ ሽማግሌው አቡ ቀይስ፣ ወጣቱ አሰድና ገና የትምህርት ቤት ልጅ የሆነው መርዋን። የመርዋን ወንድም ኩዌት ሆኖ ገንዘብ ይልክ ነበር። ሚስት ሲያገባ አቋረጠና አሁን ተራው ያንተ ነው የሚል ደብዳቤ ጻፈለት። ልጁ ትምህርቱን የተወው በዚያ ወረቀት ነው። ባስራ ያለው ደላላ አሥራ አምስት ዲናር ይጠይቃል። መርዋን ያለው አምስት ብቻ ነው፤ ለፖሊስ እነግርብሃለሁ ብሎ ሲያስፈራራውም በጥፊ ይመታል። ከዚያ በርካሽ የሚያሻግር የውኃ ቦቴ ሹፌር ይገኛል፤ አቡል ኸይዙራን።

ውሉ ቀላል ነው። በረሃውን ከላይ ተቀምጠው ይሻገራሉ። ኬላ ሲቃረብ ባዶው ታንከር ውስጥ ይገቡና ሹፌሩ ወረቀቱን አስፈርሞ እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ከሰባት ደቂቃ አይበልጥም ብሏቸዋል። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ብረቱ ይፋጃል። የኢራቁን ኬላ እንደምንም ተርፈው ያልፋሉ። በኩዌቱ ኬላ ግን ቢሮው ውስጥ ያሉት ጸሐፊዎች ሥራ ፈትተዋል። ሹፌሩ ባስራ ውስጥ ከአንዲት ጨፋሪ ጋር ታይቷል የሚል ወሬ ሰምተዋልና እየሳቁ ያሾፉበታል፣ ወረቀቱንም ይይዙበታል። በጦርነት ቆስሎ ወንድነቱን ያጣ ሰው ነው፤ ቀልዱን ማቋረጥም ሆነ እውነቱን መናገር አይችልም። ሲመለስ ሦስቱም ሞተዋል።

መምህሩ እዚህ ጋ ቆም ይበል። የገደላቸው ማን ነው? ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ሹፌሩን ይላሉ፤ ሬሳቸውን ቆሻሻ መጣያ ላይ ጥሎ ገንዘባቸውንና የመርዋንን ሰዓት ስለሚወስድ። ግን ጽሑፉን ወደ ኋላ ተመልሰው ቢቆጥሩ ድንበሩ፣ ደላላው፣ የወንድሙ ደብዳቤ፣ ሥራ የፈቱት ጸሐፊዎች ሁሉ ድርሻ አላቸው። ሹፌሩ በመጨረሻ የሚጮኸው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለምን የታንከሩን ግድግዳ አላንኳኳችሁም ይላል። ቴውፊቅ ሳሌህ በ1972 ታሪኩን ፊልም ሲያደርገው ሰዎቹ ያንኳኳሉ፤ የሚሰማ ግን የለም። መጽሐፉንና ፊልሙን አነጻጽሮ የትኛው የበለጠ እንደሚከስስ፣ ማንንም እንደሚከስስ መከራከር ለ12ኛ ክፍል በቂ የድርሰት ርዕስ ነው።

ከዚህ በኋላ የሴት ልጅ ድምፅ ይምጣ። የጀሜይካ ኪንኬይድ «ሉሲ» (1990) ከካሪቢያን ደሴት ተነሥታ አሜሪካ ውስጥ የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ልጆች ሞግዚት ስለምትሆን የ19 ዓመት ልጅ ነው። ኪንኬይድ ራሷ ከአንቲጓ በልጅነቷ ለዚሁ ሥራ ኒው ዮርክ ሄዳለች። የዓረብ ቤቶችን ታሪክ የለመደ አንባቢ ዱላና የተነጠቀ ፓስፖርት ይጠብቅ ይሆናል። እዚህ አሠሪዋ ማራያ ደግ ናት፤ ችግሩም ከደግነቷ ይጀምራል።

አንድ ትዕይንት በቅርብ እንየው። ፀደይ ሲገባ ማራያ ሉሲን ዓይኗን ሸፍና ቢጫ አበቦች ወደ ሞሉበት መስክ ትወስዳታለች፤ እንድትደሰትላት ነው። ሉሲ ግን ያንን አበባ በዓይኗ አይታው አታውቅም። የምታውቀው ልጅ ሳለች በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ትምህርት ቤት ስለዚያ አበባ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ግጥም በቃሏ እንድትወጣ ተገዳ ነበር። አጭዳ ልትጥላቸው ይቃጣታል። ማራያ ውበት ባየችበት ቦታ ሉሲ ያየችው አለቃ ነው። የእናቷን ደብዳቤዎች ደግሞ ሳትከፍት ታስቀምጣቸዋለች። ይህ ልበ ደንዳናነት ነው የሚል ተማሪ ይኖራል። ይበል፤ ነገር ግን ደብዳቤው ምን እንዳይነግራት እንደፈራች ከመጽሐፉ ውስጥ ፈልጎ ያምጣ።

ሜክሲኳዊው ዩሪ ኤሬራ በ2009 ያሳተመው አጭር ልብወለድ በእንግሊዝኛው «ሳይንስ ፕሪሲዲንግ ዚ ኤንድ ኦቭ ዘ ወርልድ» ይባላል። ማኪና የመንደሯ ስልክ አገናኝ ናት፤ የእናቷን ቁራጭ ወረቀት ይዛ ወንድሟን ፍለጋ ወንዝ ተሻግራ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። ወንድሟ ግን በሌላ ሰው ስም የአሜሪካ ወታደር ሆኖ ይጠብቃታል። ዘጠኙ ምዕራፎች የጥንት ሜክሲካውያን ሙታን የሚያልፉባቸውን ደረጃዎች የሚያስታውሱ ናቸው። ሌላውን ተማሪው ራሱ ይድረስበት።

የመጨረሻው የኛው ሰው ነው። ዲናው መንግሥቱ አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የሄደ ደራሲ ነው። በ2007 የወጣው የመጀመሪያ ልብወለዱ «ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ» ከስድስቱ ረዘም ይላል። ሴፋ እስጢፋኖስ በቀይ ሽብር ዘመን አባቱን ወታደሮች ሲወስዱበት ሸሽቶ ዋሽንግተን፣ ሎገን ሰርክል ውስጥ ትንሽ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ይከፍታል። ሱቁ አይሸጥም። ከኮንጎው ጆሴፍና ከኬንያው ኬኔት ጋር ሲሰበሰቡ ጨዋታ አላቸው፤ አንዱ የአፍሪካ አምባገነን ስም ይጠራል፣ ሌሎቹ አገሩንና መፈንቅለ መንግሥቱ የተደረገበትን ዓመት ይናገራሉ። ጨዋታው አያልቅም፤ ስሞቹም እንዲሁ።

አጎቱ ብርሃነ ግን ደብዳቤ የሚጽፈው ለአሜሪካ ፕሬዝዳንቶች ነው፤ ለካርተር፣ ለሬገን፣ ስለ አገሩ መከራ። ሴፋ በአጎቱ አፓርታማ ተቀምጦ ሲያነባቸው የምናየው እጅግ ጨዋ የሆነ ሰው ማንም ለማይመልስለት ጉዳይ በትሕትና ሲሞግት ነው። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ እነዚህን ገጾች እመርጣለሁ፤ ከሴፋና ከጎረቤቱ ጁዲት የፍቅር መንገድ ይልቅ።

ለመምህራን ጥቂት ነገር። ከነፋኒ ለ11ኛ ክፍል መጀመሪያ ይሆናል፤ ኦትሱካና ኤሬራ ይከተሉ። ሴልቨን፣ ኪንኬይድና ዲናው ለ12ኛ ይቆዩ። የኦትሱካ የመጀመሪያ ሌሊት ምዕራፍ የግዳጅ ግንኙነትን በግልጽ ያነሣል፤ ሉሲም ስለ ፍቅር ግንኙነቷ አትሸፋፍንም፤ ሴልቨን ስለ ለንደን በጋ ያለ ሥርዓተ ነጥብ የጻፈው ረጅም ክፍልም አለ። አስተማሪው እነዚህን ቀድሞ ያንብብና የሚያስነብበውን ይወስን። ቅጂ ለሁሉም ካልተገኘ ከኦትሱካ የመርከቡን ምዕራፍ፣ ከኪንኬይድ የአበባውን ትዕይንት ማባዛት ይበቃል። የከነፋኒን ግን ሙሉውን፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ሳይቆራረጥ።