ፈታሹ ግጥም ላይ ለምን ይስታል?

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ክላርክስወርልድ የተባለው የአሜሪካ የሳይንስ ልብወለድ መጽሔት ከደራሲዎች ሥራ መቀበሉን ለጊዜው አቆመ። በዚያ ወር ብቻ በማሽን ተጽፈዋል ተብለው የተጣሉት ድርሰቶች ከ500 በልጠው ነበር። እንዲህ ዓይነት ጎርፍ የገጠመው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው፣ «ይህን የሰው ልጅ ነው የጻፈው ወይስ ማሽን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እሰጣለሁ የሚል ፈታሽ ሶፍትዌር መግዛትን ነው። የመጽሔቱ አዘጋጅ ኒል ክላርክ ግን ፈታሾቹ እምነት የሚጣልባቸው አይደሉም ብሎ ነበር። ልክ ነበር። የዜና ዘገባ ወይም የቢሮ ደብዳቤ ሲመረምሩ ከሚስቱት በላይ ግጥምና በተለየ ስልት የተጻፈ ልብወለድ ሲገጥማቸው ይስታሉ። ምክንያቱ ያለው ከአለካካታቸው ላይ ነው።

አብዛኞቹ ፈታሾች ጽሑፉን ማን እንደጻፈው የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም። የሚለኩት ጽሑፉ ምን ያህል እንዳስገረማቸው ነው። በውስጣቸው ያለው የቋንቋ ሞዴል በእያንዳንዱ ቃል ላይ ቆሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታል። «እናቴ በጠዋት ተነስታ ቡና...» ሲባል «አፈላች» ለሚለው ከፍ ያለ ዕድል ይሰጣል፤ «ቆላች» ለሚለውም እንዲሁ። ገጣሚ «ቡና ቀበረች» ቢል ግን ሞዴሉ ይህን ፈጽሞ አልጠበቀም። ጽሑፍ አመንጪ ማሽኖች በአብዛኛው የሚመርጡት ይሆናል ተብሎ የሚጠበቀውን ቃል ነው። ስለዚህ ፈታሹ ግምቱ ሲደጋገምለት «ማሽን ነው»፣ እየተሳሳተ ሲሄድ ደግሞ «ሰው ነው» ይላል። የግርምቱ አማካይ መጠን ፐርፕሌክሲቲ ይባላል፤ ሞዴሉ በየቃሉ ላይ በስንት አማራጮች መካከል እንደዋለለ የሚነግር ቁጥር ነው።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንሥራ፤ ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተመረጡ ናቸው። ሞዴሉ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቃል ከአራት አንድ ዕድል ሰጠ እንበል። ፐርፕሌክሲቲው 4 ይሆናል፤ ይህ በጣም የሚገመት ጽሑፍ ነው። አሁን ዕድሉ ከ65,536 አንድ የሆነ እንግዳ ቃል እናስገባ። ጽሑፉ 800 ቃል ያለው መጣጥፍ ከሆነ ያ አንድ ቃል በብዙኃኑ መሐል ይሰምጣል፤ ቁጥሩ ከ4 ወደ 4.05 ገደማ ብቻ ከፍ ይላል። ጽሑፉ 40 ቃል ያለው ግጥም ሆኖ እንዲህ ያሉ አራት ቃላት ቢኖሩት ግን ቁጥሩ ከ4 ወደ 10.6 ገደማ ይዘላል። የቀሩት 36 ቃላት እንደነበሩ ናቸው፤ ፍርዱን የገለበጡት አራት ቃላት ናቸው። እነዚያን አራት ቃላት ያስገባቸው ባለቅኔ ይሁን፣ «እንግዳ ቃላት ጨምርበት» የተባለ ማሽን ይሁን ቁጥሩ አይናገርም።

የግጥም እጥረትም ራሱ ችግር ነው። ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ያወጣው ፈታሽ ቢያንስ 1,000 ፊደል ያለው ጽሑፍ ይፈልግ ነበር። አሥር ወይም አሥራ ሁለት መስመር ያለው ግጥም ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም። ድርጅቱ ራሱ ባወጣው መረጃ መሠረት መሣሪያው በማሽን ከተጻፉት ጽሑፎች በትክክል የያዘው 26 በመቶውን ብቻ ሲሆን፣ ሰው ከጻፋቸው መካከል ደግሞ 9 በመቶውን በስሕተት የማሽን ብሎ ፈርዶባቸዋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ትክክለኛነቱ አነስተኛ ነው ተብሎ ከአገልግሎት ወጣ።

ከዚህ የከረረ ሌላ እንቅፋት አለ። ፈታሹ የሚያየው የተጻፈውን እንጂ ለማሽኑ የተሰጠውን ትእዛዝ አይደለም። ቢኖኩላርስ የተባለውን ፈታሽ እ.ኤ.አ. በ2024 ያስተዋወቁት ተመራማሪዎች ለዚህ «የካፒባራ ችግር» የሚል ስም ሰጥተውታል። ካፒባራ በደቡብ አሜሪካ የሚገኝ ትልቅ የአይጥ ዘር እንስሳ ነው። አንድ ሰው ማሽኑን «የሥነ ፈለክ ሊቅ ስለሆነ ካፒባራ ጻፍልኝ» ቢለው፣ ትእዛዙን ለሚያውቅ «ካፒባራ» እና «ከዋክብት» ጎን ለጎን መምጣታቸው ምንም አይገርምም። ትእዛዙን ያላየው ፈታሽ ግን እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ የሚችለው ሰው ብቻ ነው ብሎ ይደመድማል። ተመራማሪዎቹ ለዚህ ያመጡት መላ ሁለት ሞዴሎችን ማወዳደር ነው፤ ጽሑፉ ያስከተለውን ግርምት አንዱ ሞዴል የሚገምታቸው ቃላት በሌላው ላይ ከሚያስከትሉት ግርምት ጋር ያካፍሉታል። ርዕሱ እንግዳ ሆኖ አጻጻፉ ተራ ለሆነ ጽሑፍ ይህ በእጅጉ ይረዳል። በየስንኙ ከአንድ ምስል ወደ ሌላ በሚዘል ግጥም ላይ ግን ተራ ሆኖ የሚቀጥል አጻጻፍ ስለማይገኝ ማወዳደሪያው ራሱ ይሳሳል።

እስካሁን ያየነው ማሽኑ የሚያመልጥበትን መንገድ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ተቃራኒው፣ የሰው ግጥም «የማሽን ነው» የሚባልበት ነው። ጂፒቲዚሮ በመጀመሪያ ሲወጣ ከፐርፕሌክሲቲ ጋር ዓረፍተ ነገሮች እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚለያዩም ይለካ ነበር። ሐሳቡ ሰው አንዴ አስረዝሞ አንዴ አሳጥሮ ይጽፋል፣ ማሽን ግን ወጥ ነው የሚል ነው። ምጣኔውን የጠበቀ ግጥም ደግሞ በባሕርይው ወጥ ነው። መስመሮቹ እኩል ሐረግ አላቸው፤ አዝማች ካለው ያው መስመር ሦስት አራት ጊዜ ይመለሳል። ሞዴሉ አዝማቹን አንዴ ካየው በኋላ ሲደገም ቃል በቃል ይገምተዋል፤ ግርምቱ ዜሮ አጠገብ ይወርዳል። በሰፊው የታወቀ ጽሑፍ ከሆነማ ሞዴሉ በስልጠናው ጊዜ ደጋግሞ ስላየው በቃሉ ይዞታል፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በማሽን የተጻፈ ነው የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በአንድ ግጥም ውስጥ የቃላቱ ምርጫ ፈታሹን ወደ «ሰው» ሲጎትተው፣ ምጣኔውና አዝማቹ ወደ «ማሽን» ይጎትቱታል። መጨረሻ ላይ የሚወጣው መቶኛ የዚህ ጉተታ ውጤት ነው።

በሰምና ወርቅ ለሚጽፍ ሰው ነገሩ ይበልጥ ይገለበጣል። ኅብረ ቃሉ የሚደነቀው በሰሙ በኩል ያለ ምንም እንቅፋት ሲገባ ነው፤ ሰሚው ተራ ነገር የሰማ መስሎት ካለፈ በኋላ ነው ወርቁ የሚገለጥለት። ፈታሹ የሚቆጥረው የፊደሉን ተከታታይነት ብቻ ስለሆነ፣ በሰሙ በኩል የሚጠበቅ ቃል መጣ ብሎ ዝቅተኛ ግርምት ይመዘግባል። አንባቢን እጅግ የሚያስደንቀው ቦታ በመለኪያው ላይ እጅግ ተራው ቦታ ይሆናል ማለት ነው። ያልተለመደ ቃል ሲያይ ሰው ነው የሚለው መሣሪያ፣ ብልሃቱን በተለመደ ቃል ውስጥ የሸሸገውን ገጣሚ ማሽን ሊለው ይችላል።

አንድ አዘጋጅ ወይም የውድድር ዳኛ በእጁ የያዘው ይህ መቶኛ ብቻ ከሆነ፣ በእኔ እምነት ማንንም ሊከስበት አይገባም። የጽሑፉን ረቂቆች መጠየቅ ይችላል፤ ገጣሚውን ማነጋገርም ይችላል። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ ቆጥሮ ሲመጣ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ የኔታም ያርሙታል፣ ይጠይቁታል። ለምን ይህን ቃል እንጂ ያንን እንዳልመረጠ፣ ወርቁ የቱ ላይ እንዳለ፣ የትኛውን መስመር ሦስት ጊዜ ጽፎ እንደሰረዘ የሚናገር ሰው ፈታሹ የማይደርስበትን ማስረጃ ይሰጣል።