መልስ የሚሰጠው ሬዲዮ፦ አጭር ልብ ወለድ ወደ አኒሜሽን ፊልም ጽሑፍ ሲቀየር

ሬዲዮ ድሮም ይናገራል። አንዲት ልጅ የሚናገር ሬዲዮ አገኘች የሚል ታሪክ ወደ አኒሜሽን ሲመጣ የጸሐፊው የመጀመሪያ ፈተና እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ሬዲዮ ላነጋገረው ሰው መልስ እንደሚሰጥ በግልጽ ካልታየ፣ ተመልካቹ ጣቢያ የተከፈተ መስሎት ያልፈዋል። ሬዲዮው የልጅቷን ስም ቢጠራም አይበቃም፤ የዘፈን ምርጫ ፕሮግራምም የአድማጭ ስም ይጠራል።

ለማሳያ አንድ ታሪክ እንያዝ። የ9 ዓመቷ ሰላም በሴት አያቷ ቤት፣ ሳጥን ውስጥ፣ የሟች ወንድ አያቷን ትንሽ ሬዲዮ ታገኛለች። ልብ ወለዱ ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ እንበል፦ «ሰላም ድምፁ የሚያናግረው እሷን መሆኑን ስትረዳ ደነገጠች፤ ቢሆንም ከሬዲዮው መለየት አልፈለገችም።» ለአንባቢ ይህ በቂ ነው። ሠዓሊው ግን «ተረዳች» የሚለውንም «አልፈለገችም» የሚለውንም መሣል አይችልም። የፊልም ጽሑፍ የሚይዘው የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ ስለሆነ፣ ያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይለወጣል፦

ትዕይንት 2፤ ቤት ውስጥ፤ ማታ
ሰላም ሬዲዮውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ የጣቢያ መፈለጊያውን ቁልፍ በኃይል ታዞራለች። ጩኸት፤ የዘፈን ቁራጭ፤ እንደገና ጩኸት። ቀዩ መርፌ ማንም ሳይነካው ወደ ኋላ ተመልሶ ይቆማል።
ሬዲዮው፦ ቀስ በይ እንጂ! አንገቴን ጠመዘዝሽው።
ሰላም እጇን ትሰበስባለች። በሩን ታያለች፤ ማንም የለም። በአንድ ጣቷ ብቻ ቁልፉን ነካ ታደርጋለች።
ሬዲዮው፦ አዎ፣ እንደሱ።
ሰላም ሬዲዮውን ነጠላዋ ውስጥ ትሸሽገዋለች።

ድንጋጤዋ በተሰበሰበው እጇ፣ አለመለየቷ በሽሸጋው ታየ። ሬዲዮው የተናገረውም እሷ በዚያች ቅጽበት ስላደረገችው ነገር ስለሆነ ከሩቅ የተላለፈ ፕሮግራም ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ፈተና ፊት የሌለውን ዕቃ ገጸ ባሕርይ ማድረግ ነው። ፒክሳር በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ጆን ላሴተር ያዘጋጀው «ሉክሶ ጁኒየር» የተባለ አጭር ፊልም ዓይንም አፍም የሌላቸውን ሁለት የጠረጴዛ መብራቶች በእንቅስቃሴያቸው ብቻ ወላጅና ልጅ አስመስሏቸዋል። መብራት ግን የሚታጠፍ አንገት አለው፤ ሬዲዮ ሣጥን ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ሬዲዮው ያሉትን ጥቂት ክፍሎች ቆጥሮ ለእያንዳንዱ አንድ ሥራ ይሰጠዋል፤ መርፌው ትኩረቱን፣ ጩኸቱ ማመንታቱን፣ ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ትንሽ መብራት ደግሞ ጉልበቱን ታሳይ።

መብራቷ ለታሪኩም ሕግ ትሆናለች። ሬዲዮው ያለ ባትሪ ድንጋይ ማውራት ከቻለ የሚያሰጋ ነገር የለም፤ ልጅቷ እስከፈለገችው ድረስ ትጠይቀዋለች። በእያንዳንዱ መልስ መብራቷ ትንሽ ከደበዘዘች ግን ሰላም ስለ አያቷ የትኛውን ጥያቄ እንደምታስቀድም መምረጥ አለባት። ይህን ሕግ ተመልካቹ ገና በመጀመሪያው ንግግራቸው ማየት ይኖርበታል፤ መጨረሻው ላይ ድንገት ከመጣ የጸሐፊው ማምለጫ ይመስላል።

የጽሑፉ ርዝመትም ከሥዕሉ ድካም ጋር ይያያዛል። በግምት አንድ ገጽ የፊልም ጽሑፍ አንድ ደቂቃ ይሆናል። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል፤ የ5 ደቂቃ ሥራ 7,200 ምስል ማለት ነው። በእጅ በሚሣል አኒሜሽን አንዱ ሥዕል ብዙ ጊዜ ለሁለት ምስል ስለሚያገለግል ወደ 3,600 ይወርዳል፤ እሱም ቢሆን ብዙ ነው። ልብ ወለዱ ላይ አያት በወጣትነቱ በገበያ ግርግር መሐል ሲሄድ የሚተርክ ገጽ ካለ፣ ያን ሁሉ ሰው መሣል አቅም ይጨርሳል። እዚህ ላይ ሬዲዮው ራሱ መፍትሔ ነው፤ የገበያው ጫጫታ ከድምፅ ማጉያው ይውጣ፣ ሥዕሉ ደግሞ ዓይኗን ጨፍና የምታዳምጠውን ሰላምን ይያዝ። ድምፅ የሚቀዳው ብዙውን ጊዜ ከሥዕሉ በፊት ነው፤ የሰላም አፍ በድምፁ ልክ ይሣላል። ሬዲዮው አፍ ስለሌለው ግን ንግግሩን ዘግይቶም መቀየር ይቻላል።

ይህ ምቾት የራሱ አደጋ አለው። ጸሐፊው ታሪኩን በሙሉ ለሬዲዮው አስተርኮ ልጅቷን አድማጭ ብቻ ያደርጋታል። ጉድለቱ የሚታወቀው አኒማቲክ ላይ ነው፤ ይህም የስቶሪቦርዱ ንድፎች ከተቀዳው ድምፅ ጋር በሰዓታቸው ተሰካክተው የሚታዩበት ረቂቅ ነው። ድምፁን አጥፍቶ ማየት ነው። ሰላም ምን እንደፈለገች፣ ሬዲዮውም የት ላይ እንደመለሰላት ከሥዕሉ ብቻ ካልተለየ ጽሑፉ ወደ ጸሐፊው ይመለስ። በዚህ ደረጃ ስህተቱ የሚስተካከለው ጥቂት መስመር ሰርዞ በመጻፍ ነው፤ ካለፈ በኋላ ግን በመቶ የሚቆጠሩ ሥዕሎች ይጣላሉ።