ፊልትሮው አዳማ፣ ገዢው ሀዋሳ

የሚኒባስ ሹፌር ሀዋሳ ካለ የመለዋወጫ ሱቅ ገብቶ የሞተር ዘይት ፊልትሮ ይጠይቃል። ሻጩ መደርደሪያውን ያያል፣ «አልቋል» ይላል፣ ሹፌሩም ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል። በዚያው ሰዓት አዳማ ባለው የዚሁ ነጋዴ ሌላ ቅርንጫፍ፣ ያው ፊልትሮ ካርቶኑ እንኳ ሳይከፈት አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ባለቤቱ ግን ይህን አያውቅም። አዲስ አበባ ሆኖ ስልክ ያነሳና ለአስመጪው ሌላ ትዕዛዝ ይሰጣል፤ የሌለው ዕቃው ሳይሆን መረጃው መሆኑን ሳይረዳ ገንዘቡን በሌላ ፊልትሮ ላይ ያስራል።

ሦስት ሱቅ ያለውን አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ እንውሰድ፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው አዳማ፣ ሦስተኛው ሀዋሳ። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፤ ነገር ግን የመለዋወጫ ቆጠራ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው የስም ስምምነት ነው። አዲስ አበባ ያለው ሻጭ «የአባዱላ ፊልትሮ» ብሎ ይመዘግባል፤ የአዳማው «የዘይት ፊልትሮ ትንሹ» ይላል፤ የሀዋሳው ደግሞ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ይገለብጣል። አንድ ዕቃ ሦስት ስም ሲኖረው ባለቤቱ የሦስቱን ሱቅ ክምችት መደመር አይችልም። ከዚህ የሚብሰው ተቃራኒው ነው፦ መልካቸው የሚመሳሰል፣ ጥርሳቸው ግን የተለያየ ሁለት ፊልትሮዎች በአንድ ስም ሲመዘገቡ። ያኔ ዕቃው ከአዳማ ተጭኖ ሀዋሳ ይደርስና ሞተሩ ላይ አልገጥም ይላል። ስለዚህ በሁሉም ሱቅ አንድ ዕቃ አንድ መለያ ቁጥር ብቻ ይኑረው፤ አምራቹ የሰጠው የዕቃ ቁጥር ካለ እሱን መጠቀም ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው «ስንት አለ?» የሚለው ጥያቄ ነው። መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው። መደርደሪያ ላይ ካለው ቁጥር ውስጥ ደንበኛ ቀብድ ከፍሎ ያስያዘው ይቀነሳል። በመንገድ ላይ ያለው ደግሞ ለብቻው ይመዘገባል። አዳማ 40 ፊልትሮ ጭኖ ከመዝገቡ ቀንሷል፣ ሀዋሳ ግን ገና አልተረከበም እንበል። እነዚህ 40 ፊልትሮዎች ለሁለት ቀን ከየትኛውም መዝገብ ይጠፋሉ። በዚህ መሀል ክምችቱን የደመረ ባለቤት «ጎድሎብኛል» ብሎ ያዝዛል። ሁለቱም ሱቆች ከያዙት ደግሞ 80 ይሆንና ትርፍ ያለው ይመስለዋል። መፍትሔው «በመንገድ ላይ» የሚባል አራተኛ ቦታ በመዝገቡ ውስጥ መፍጠር ነው። ላኪው ሲጭን ዕቃው ወደዚያ ይገባል፤ ተቀባዩ ቆጥሮ ሲፈርም ከዚያ ይወጣል። ከሦስትና ከአራት ቀን በላይ እዚያ የቆየ ዕቃ ካለ ወይ ጠፍቷል ወይ ሳይፈረም ተረስቷል፤ በዚያው ቀን ስልክ መደወል ያስፈልጋል።

አሁን የምሳሌያችንን ቁጥር እንይ። አዲስ አበባ 150፣ አዳማ 110፣ ሀዋሳ 8 ፊልትሮ አላቸው። ድምሩ 268 ነው። ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ሽያጩ ሳይታወቅ መመለስ አይቻልም።

ሽያጩን ለማወቅ ያለፉትን ስምንት ሳምንታት መዝገብ እንገልጣለን። አዲስ አበባ በሳምንት 30 ገደማ ሸጧል። አዳማ 12 ሸጧል፤ ቀደም ሲል ከ20 በላይ ይሸጥ ነበር፣ ነገር ግን በየወሩ በጅምላ ይገዛ የነበረ አንድ የትራንስፖርት ማኅበር ቀርቷል። የ110ሩ ክምትት ምንጭም ይኸው ነው፤ ዕቃው የተላከው በድሮው ሽያጭ ልክ ነበር። ሀዋሳ በስምንት ሳምንት 60 ሸጧል። ለስምንት ሲካፈል ሰባት ተኩል ይመጣል፤ ግን ይህ ቁጥር ያታልላል። ከስምንቱ ሳምንታት በሁለቱ መደርደሪያው ባዶ ነበር። ዕቃ በሌለበት ሳምንት የሚመዘገበው ዜሮ ገዢ አለመምጣቱን አያሳይም፤ የመጣው ገዢ ባዶ እጁን መመለሱን እንጂ። ስለዚህ 60ን ዕቃ ለነበረበት ለስድስት ሳምንት እናካፍላለን፤ 10 ይሆናል። ይህን ያላስተካከለ ነጋዴ ሁልጊዜ ለጎደለው ሱቅ ያነሰ ይልካል፣ ሱቁም እንደገና ይጎድልበታል።

ከአስመጪው ታዝዞ ዕቃው ሱቅ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ይፈጃል እንበል። ለመዘግየትና ለድንገተኛ ገበያ የአንድ ሳምንት መጠባበቂያ እንጨምር። እያንዳንዱ ሱቅ የአራት ሳምንት ዕቃ ሊኖረው ይገባል ማለት ነው፦ አዲስ አበባ 120፣ አዳማ 48፣ ሀዋሳ 40፤ በድምሩ 208። በእጅ ያለው 268 ስለሆነ በሦስቱም ሱቆች ተደምሮ 60 ትርፍ አለ። ዛሬ ማዘዝ አያስፈልግም። የተበላሸው የዕቃው ቦታ ነው፤ አዳማ 62 ተርፎታል፣ ሀዋሳ 32 ጎድሎታል።

ታዲያ ስንት ይላክ? የጎደለውን 32 ብቻ መላክ ሌላ ጭነት በቶሎ ይጠራል። ካርቶኑ 20 ፊልትሮ ከያዘ ሁለት ያልተከፈቱ ካርቶኖች መላክ ይሻላል፤ ለመቁጠርም ለመረካከብም ይቀላል። ሀዋሳ 48 ይኖረዋል፣ ለአምስት ሳምንት ትንሽ የጎደለ። አዳማ 70 ይቀረዋል፣ ለስድስት ሳምንት የቀረበ። ላኪው ሱቅ በራሱ የአራት ሳምንት ዕቃ ላይ አልተነካም፤ ይህ የማይጣስ ደንብ ነው። ከላኪው መጠባበቂያ ላይ ተነስቶ የተላከ ዕቃ ጉድለቱን ከሀዋሳ ወደ አዳማ ከማዛወር ያለፈ ነገር አይሠራም።

ወጪውስ? ከአዳማ በሞጆና በሻሸመኔ አድርጎ ሀዋሳ ለሚገባ ሁለት ካርቶን፣ የጭነቱና የጫኝና አውራጁ ተደምሮ 600 ብር ይፈጃል እንበል። ካልተላከ ግን ሀዋሳ በስምንት ፊልትሮ ሦስት ሳምንት ሊጠብቅ ነው፤ 30 ከሚፈልግ ገበያ 22 ያህሉ ይመለሳል። በአንድ ፊልትሮ 120 ብር ትርፍ ካለ የሚታጣው 2640 ብር ነው። ግማሹ ገዢ ይጠብቃል ብንል እንኳ 1320 ብር ይቀራል፣ አሁንም ከጭነቱ ዋጋ ይበልጣል። የሚኒባስ ሹፌር ደግሞ ለፊልትሮ ብሎ ሥራ አያቆምም፤ ብዙዎቹ አይጠብቁም።

ሒሳቡ ግን ሁልጊዜ ወደ ማዛወር አያደላም። አዳማ 110 ሳይሆን 30 ብቻ ቢኖረው ድምሩ 188 ይሆን ነበር፤ ከሚያስፈልገው 208 ያነሰ። ያኔ የትኛውም ማዛወር ጉድለቱን አይሞላውም፤ ዛሬውኑ መታዘዝ አለበት። ከአዲስ አበባ ትርፍ ላይ አንድ ካርቶን ወደ ሀዋሳ መላክ ይቻላል፣ ግን ትዕዛዙ እስኪደርስ መሸጋገሪያ እንዲሆን ብቻ። «እናዛውር ወይስ እንዘዝ?» ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ነው። መጀመሪያ የሁሉም ሱቆች ድምር ይታያል፤ ማዘዝ አለማዘዝን የሚወስነው እሱ ነው። ከዚያ የየሱቁ ልዩነት ይታያል፤ ማዛወርን የሚወስነው ይህኛው ነው። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ወይ አለአግባብ ያዝዛል ወይ ዕቃ በመንገድ ሲያመላልስ ይከርማል።

ባለስትራ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ከባድ ነው፣ በወር አንድ ቢሸጥ ነው። ሀዋሳ ባለስትራ የለውም ተብሎ ብቻ ከአዳማ መጫን ትርፉን በጭነት መጨረስ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በአንድ ቦታ ቢከማች ይሻላል፤ ሌላ ከተማ ያለ ገዢ ቀብድ ሲከፍል ብቻ ይላካል። ሻጩም «የለም» ከማለት «ነገ ይደርሳል» ማለት እንዲችል የሌሎቹን ሱቆች ክምችት ማየት አለበት።

የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ነገር ከበፊቱ ይበልጥ ከብዷል። መደርደሪያ ላይ ያለው ፊልትሮ የተገዛበት ዋጋና አዲሱ የሚገባበት ዋጋ በእጅጉ ሊራራቅ ይችላል። ስለዚህ አዳማ የተኛውን ዕቃ ለሀዋሳ ገዢ ማድረስ የጭነት ወጪን ከሽያጭ ጋር የማመዛዘን ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በውድ ዋጋ የሚደረገውን ቀጣይ ግዢም ያዘገያል።

ወረቀቱ በሚገባ ካልተያዘ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሄደ ዕቃ ሽያጭ አይደለም። አዳማ ለሀዋሳ የላከውን 40 እንደ ሽያጭ ቢመዘግበው፣ በሚቀጥለው ስሌት የአዳማ ገበያ ያደገ ይመስልና ሌላ ዕቃ ይላክለታል። የዝውውር ሰነድ ለብቻው ይዘጋጅ፤ የዕቃው ቁጥር፣ ብዛቱ፣ የላኪና የተረካቢ ፊርማ ይኑርበት፤ አንዱ ቅጂም ከጭነቱ ጋር ይሂድ። ከመጫኑ በፊት ደግሞ መዝገቡ የሚለውን ብዛት አንድ ሰው በእጁ ይቁጠረው። መዝገቡ አምስት አለ እያለ ለወራት አንድም ያልተሸጠለት ዕቃ ካለ፣ ብዙ ጊዜ መደርደሪያው ላይ የለም።

ከወረቀቱ ይልቅ የሚከብደው ሰው ነው። የአዳማው ሥራ አስኪያጅ ጉርሻው በሱቁ ሽያጭ ልክ ከሆነ 62ቱን ትርፍ ፊልትሮ በፈቃዱ አይሰጥም፤ «ነገ ገዢ ይመጣብኛል» ይላል፣ በእሱ ቦታ ሆኜ ሳስበው አልፈርድበትም። ያዛወረው ዕቃ ሀዋሳ ሲሸጥ ከትርፉ የተወሰነ ድርሻ ለላኪው ሱቅ ቢታሰብ ዕቃ መደበቁ ይቀንሳል። ይህ ሳይደረግ ትእዛዝ ብቻ የሚያወርድ ባለቤት በየቆጠራው ከጠረጴዛ ሥር ካርቶን ሲያወጣ ይኖራል።

ሁለቱ ካርቶኖች ሀዋሳ ከደረሱ በኋላ የሦስቱ ሱቆች ድምር በሳምንት 52 እየቀነሰ ይሄዳል። 60ው ትርፍ በአንድ ሳምንት ከጥቂት ቀን ያልቃል፤ ድምሩ 208 ሲነካ ትዕዛዙ ይወጣል። ያ ትዕዛዝ ሲመጣ ክፍፍሉ በድሮው ልማድ አይሁን። ከአዳማ ወደ ሀዋሳ በየወሩ ካርቶን የሚጓዝ ከሆነ የመጀመሪያው ድልድል ስህተት ነበር ማለት ነው፤ የሀዋሳው ድርሻ አዳማ ሳይወርድ በቀጥታ ሀዋሳ ይጫን።