አራት ፎቶ በአንድ ስካን፦ ክፍተቱን ጥሎ ምስሎቹን መለየት

የድሮ ፎቶዎችን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት አንድ በአንድ ስካን ማድረግ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ የስካነሩ መስታወት የሚችለውን ያህል ፎቶ ይደረደርበትና ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። የሚገኘው አንድ ትልቅ ምስል ነው፤ በውስጡ ፎቶዎቹ አሉ፣ በመካከላቸውም ባዶ ቦታ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ፎቶ የራሱ ፋይል ማድረግ፣ ያዘመመውን ማቃናትና ባዶውን ቦታ መጣል ይቀራል። ይህን በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። ሆኖም ሥራው የሚሳካው ወይም የሚበላሸው በአብዛኛው ቀደም ብሎ፣ ፎቶዎቹ መስታወቱ ላይ ሲደረደሩ ነው።

የተለመደው ስካነር መስታወት በግምት 21.6 በ29.7 ሴንቲሜትር ይሰፋል። 9 በ13 ሴንቲሜትር የሆኑ አራት ፎቶዎች በሁለት ረድፍ ቆመው ቢደረደሩ 18 በ26 ሴንቲሜትር ይይዛሉ፤ የተረፈው ቦታ ለዳርም ለመሃልም ሲከፋፈል በየአቅጣጫው አንድ ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ይደርሳል። 10 በ15 የሆኑ ፎቶዎች ግን አራት ሆነው አይገቡም። ቁመታቸው ብቻ 30 ሴንቲሜትር ስለሚሆን 3 ሚሊሜትር ይጎድላል። አራተኛውን በግድ ለማስገባት ሲሞከር ፎቶዎቹ ይነካካሉ፣ አንዱ ጠርዝም ከመስታወቱ ውጭ ይቀራል። ሁለቱን አቁሞ ሦስተኛውን ከሥራቸው ማጋደም ይሻላል። ብዙ ስካነሮች የመስታወቱን የመጨረሻ ጥቂት ሚሊሜትሮች ስለማያነቡ፣ ፎቶን እንደ ሰነድ ጥግ ላይ አስጠግቶ ማስቀመጥም ጠርዙን ያስበላል።

ክፍተቱ የሚያስፈልገው ፕሮግራሙ በሚሠራበት መንገድ ምክንያት ነው። ፕሮግራሙ ፎቶ ምን እንደሆነ አያውቅም። መጀመሪያ የጀርባውን ቀለም ይለያል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የስካነሩ ክዳን ነጭነት ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ ከጀርባው ጋር ያስተያያል፤ የሚመሳሰለውን «ባዶ»፣ የሚለየውን «ምስል» ይለዋል። ቀጥሎ እርስ በርሳቸው የተያያዙ የምስል ፒክስሎችን እንደ አንድ ደሴት ይሰበስባል። በጣም ትንንሾቹን ደሴቶች አቧራ ናቸው ብሎ ይተዋቸዋል፤ በእያንዳንዱ ትልቅ ደሴት ዙሪያ ግን አራት ማዕዘን ያበጃል። ሁለት ፎቶዎች በአንዲት ጫፍ እንኳ ከተነካኩ በእሱ ዓይን አንድ ደሴት ናቸው፤ ተጣብቀውም ይወጣሉ። ፎቶሾፕን የሚሠራው አዶቢ ኩባንያ በፎቶዎች መካከል አንድ ስምንተኛ ኢንች፣ ማለትም 3 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት እንዲተው ይመክራል። ቦታ ካለ ግን አንድ ሴንቲሜትር መተው ይበልጣል፤ የወፍራም ፎቶ ጠርዝ የሚጥለው ግራጫ ጥላ ጠባቡን ክፍተት ሊሞላው ይችላልና።

ከሁሉም የከፋው ችግር ነጭ በነጭ ላይ ሲሆን ነው። የብዙ የድሮ ፎቶዎች ጠርዝ ነጭ ነው። ነጭ ጠርዝ ባይኖራቸው እንኳ በጥምቀት ወይም በሠርግ ቀን በተነሱ ፎቶዎች ላይ ነጠላና ጋቢ የለበሱ ሰዎች እስከ ምስሉ ዳር ድረስ ይቆማሉ፤ ከበላያቸውም የነጣ ሰማይ ይኖራል። ክዳኑ ነጭ ከሆነ ፕሮግራሙ ነጠላውን ከክዳኑ ጋር ቆጥሮ ይጥለዋል፤ ዳር የቆመችው ሴት ትከሻዋ ላይ ትቆረጣለች። ጥቁር ካርቶን ከኋላ ማድረግ ይህን ይፈታል፤ ነገር ግን ማታ የተነሳ ወይም ጥቁር ሱፍ ዳሩ ላይ ያለበት ፎቶ ሲመጣ ያው ችግር በተቃራኒው ይመለሳል።

የተሻለው መላ በፎቶዎቹ ውስጥ የሌለ ቀለም መምረጥ ነው። ለጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ማንኛውም ደማቅ ቀለም ያለው የማያብለጨልጭ ወረቀት፣ ለምሳሌ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ፣ ይበቃል፤ ከነጭ እስከ ጥቁር ባለው መስመር ላይ አረንጓዴ የለምና። ወረቀቱ ፎቶዎቹ በግልባጭ ከተደረደሩ በኋላ ከላያቸው ይነጠፋል፣ ክዳኑም ይዘጋል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስካነሩ ብርሃንና ቀለምን በራሱ የሚያስተካክልበት ምርጫ ካለው መዘጋት አለበት። አለዚያ ሰፊውን አረንጓዴ አይቶ የፎቶዎቹን ቀለም ያዛባል። ቀለም ማስተካከል ከተለያዩ በኋላ በየፎቶው የሚሠራ ሥራ ነው። ስካን ሲደረግም በቀለም መሆን አለበት፤ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው ተብሎ በግራጫ ከተነሳ የወረቀቱ ቀለም ጥቅም ይጠፋል።

የፎቶ መዝመም ቀላል ቢመስልም ዋጋ አለው። 13 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ፎቶ በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘም ላይኛው ጫፉ ከታችኛው ጋር ሲነጻጸር ከ2 ሚሊሜትር በላይ ይሸሻል። በኢንች 600 ነጥብ ስካን ከተደረገ ይህ ከ50 ፒክስል ይበልጣል። ሳይቃና በቀጥታ ቢቆረጥ ወይ የጀርባው ቀለም በቀጭን ሽብልቅ መልክ አብሮ ይቀራል፣ ወይ ከምስሉ ይታጨዳል። ፕሮግራሙ ስለዚህ የደሴቱን ጎን ተከትሎ ማዘንበሉን ይለካና ምስሉን አዙሮ ይቆርጣል። ማዞር ፒክስሎቹን እንደገና ስለሚያሰላቸው ጥቃቅን መስመሮችን በትንሹ ያለሰልሳል። ፎቶዎቹን በማስመሪያ አስደግፎ ቀጥ አድርጎ መደርደር ይህን ይቀንሳል።

በፎቶሾፕ ሥራው የሚጀመረው `File > Automate > Crop and Straighten Photos` በሚለው ትዕዛዝ ነው። ትልቁ ምስል እንዳለ ይቆያል፣ እያንዳንዱ ፎቶ ደግሞ በራሱ መስኮት ይከፈታል። አንዳንድ የስካነር ፕሮግራሞችም ገና በቅድመ ዕይታ ላይ ፎቶዎቹን ለይተው ያሳያሉ። አንድ ፎቶ ብቻ አልለይ ካለ ለእሱ ሲባል ሁሉንም ደግሞ ስካን ማድረግ አያስፈልግም፤ በእጅ መርጦ መቁረጥ ይቻላል። ጥርስ ጥርስ ባለው ጠርዝ የተቆረጡ የድሮ ፎቶዎች ላይ በጥርሶቹ መካከል ትንሽ የጀርባ ቀለም ይቀራል። እሱን ለማጥፋት ጥርሶቹን መቁረጥ አይገባም፤ ጠርዙ የፎቶው አካል ነው።

ውጤቱን ማረጋገጥ የሚቻለው በቁጥርና በመጠን ነው። በኢንች 600 ነጥብ የተነሳ 9 በ13 ፎቶ ወደ 2,126 በ3,071 ፒክስል መሆን አለበት። ጠቅላላው መስታወት 36 ሚሊዮን ፒክስል ያህል ሲሆን አራቱ ፎቶዎች 26 ሚሊዮን ያህል ይይዛሉ፤ ከሩብ በላይ የሚሆነው የተጣለው ክፍተት ነው። አራት ፎቶ ገብቶ ሦስት ፋይል ከወጣና አንዱ ስፋቱ ከ4,000 ፒክስል ካለፈ ሁለቱ ተጣብቀዋል። ፋይሎቹ አራት ሆነው አንደኛው ቁመቱ 2,500 ብቻ ከሆነ ደግሞ ነጭ ሰማይ ወይም ነጭ ልብስ ተጥሎበታል። አምስት ፋይል ከወጣ መሃሉ የነጣ አንድ ፎቶ ለሁለት ተከፍሏል ማለት ነው። ጥቂት ፒክስል የሚጎድለው ወይም የሚተርፈው አያሳስብም፤ የድሮ ፎቶዎች ራሳቸው በሚሊሜትር ይለያያሉ።

የመጀመሪያው ትልቅ ስካን ሲቀመጥ ቲፍ ወይም ፒኤንጂ ይሁን። ጄፔግ ፋይሉን ለማሳነስ በጠርዞች ዙሪያ ብዥታ ስለሚጨምር ድንበሩን ለመለየት ያስቸግራል። የፋይሎቹ ቁጥርና መጠን ተረጋግጦ፣ እያንዳንዱም ተከፍቶ አራቱም ጎኑ እስኪታይ ድረስ ዋናው ስካን አይሰረዝ፤ ፎቶዎቹም ወደ አልበማቸው አይመለሱ።