ጌምን የሚያንቀው ባዶ የራም ስሎት

ዋጋው ዝቅ ያለ ላፕቶፕ ሲሸጥ ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው «8 ጊጋ ራም» የሚል ብቻ ነው። ያ 8 ጊጋ በአንድ ራም ይሁን ወይስ እያንዳንዳቸው 4 ጊጋ በሆኑ ሁለት ራሞች፣ የሚናገር ሻጭ ጥቂት ነው። ጽሑፍ ለሚጽፍና ኢንተርኔት ለሚጠቀም ሰው ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ጌም ለሚጫወት ሰው ግን፣ ላፕቶፑ የተለየ ግራፊክስ ካርድ ከሌለው፣ ከመግዛቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው።

ራይዘን 5 5500ዩ የተባለውን የኤኤምዲ ፕሮሰሰር የያዘ ላፕቶፕ እንውሰድ። ግራፊክሱ ያለው እዚያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የራሱ ፈጣን ሜሞሪ አለው፤ ጂቲኤክስ 1650 መጀመሪያ ሲወጣ የሜሞሪው ፍጥነት በሰከንድ 128 ጊጋባይት ነበር። ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ግራፊክስ ግን የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው የሚሠራው በላፕቶፑ ራም ነው፤ ያውም ከፕሮሰሰሩ ጋር እየተሻማ።

ይህ ፕሮሰሰር ወደ ራም የሚወስዱ ሁለት ቻናሎች አሉት። ፍጥነቱ 3200 የሆነ ዲዲአር4 ራም በአንዱ ቻናል ቢበዛ በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያሳልፋል። በሁለተኛው ስሎት ሌላ ራም ሲገባ አቅሙ እጥፍ ሆኖ 51.2 ይደርሳል። አንድ ራም ብቻ ያለው ላፕቶፕ ሁለተኛ ቻናሉ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ማለት ነው።

25.6 ጊጋባይት ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም እንዲሠራ ከተፈለገ ግን ለአንዱ ፍሬም የሚደርሰው 427 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስክሪኑ 1920 በ1080 ከሆነ የተጠናቀቀው ስዕል 8 ሜጋባይት ያህል ብቻ ይይዛል፤ ታዲያ ለምን አይበቃም? ጌሙ እያንዳንዱን ነጥብ አንድ ጊዜ ጽፎ ስለማይተወው ነው። የትኛው ነገር ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደሆነ የሚመዘግብበት ሌላ ሰሌዳ አለ። የግድግዳው፣ የሣሩና የልብሱ ገጽታ ከራም ይነበባል፣ ጥላው ለብቻው ይሳላል፣ ጭስና እሳት ሲነሳ ደግሞ ያው ነጥብ ደጋግሞ ይነበባል፣ ይጻፋል። ከዚህ ላይ ፕሮሰሰሩ ለራሱ የሚወስደው አለ፤ የተጠቀሰው አቅምም በተግባር ሙሉ በሙሉ አይገኝም። ዳታው በጊዜው ካልደረሰ ፍሬሙ ይዘገያል፣ ጌሙም ይቆራረጣል።

ሌሎች ፕሮግራሞች ይህን ያህል የማይጎዱት ፕሮሰሰሩ ደጋግሞ የሚፈልገውን ነገር ካሽ በተባለ ትንሽና ፈጣን ማከማቻ ስለሚይዝ ነው። 5500ዩ ያለው ትልቁ ካሽ 8 ሜጋባይት ነው። የጌም ስዕል ግን በመቶዎች ሜጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ እዚያ አይገባም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ 8ቱን ጊጋ አውጥቶ በአንድ ባለ 16 ጊጋ ራም ይተካዋል። ይህ ሮቶውን አሳድጎ ቧንቧውን እንደነበረ መተው ነው። ራም ሞልቶበት ሲቸገር ለነበረ ጌም ይጠቅማል፤ ፍጥነቱን ግን አይጨምርም። በ16 ጊጋው ፋንታ ባለው ላይ ሌላ 8 ጊጋ መጨመር ይሻላል።

ችግሩ ይህ መሆኑን በግራፊክሱ የሥራ መጠን ማወቅ አይቻልም። ዳታ እየጠበቀም ቢሆን ታስክ ማናጀር ወደ 100 በመቶ የሚጠጋ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። በዚያው ታስክ ማናጀር የሜሞሪው ገጽ ላይ ግን `Slots used: 1 of 2` የሚል ከታየ አንዱ ስሎት ባዶ ነው። `CPU-Z` በተባለው ነጻ ፕሮግራም `Memory` የሚለው ክፍልም ስንት ቻናል እንደሚሠራ ያሳያል። በዲዲአር5 ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አንዱ ራም በውስጡ ለሁለት ስለሚከፈል `2 x 32-bit` ተብሎ ሊታይ ይችላል። ይህ ያው የአንድ ራም ስፋት ነው። አይሪስ ኤክስኢ ግራፊክስ ያለው የኢንቴል ላፕቶፕ ደግሞ በአንድ ቻናል ሲሠራ ስሙ ራሱ `UHD Graphics` ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛው ራም የመጀመሪያውን በመጠንና በፍጥነት ቢመስል ይመረጣል። ፍጥነታቸው ከተለያየ ሁለቱም በዝግተኛው ይሠራሉ። ቦርዱ ላይ 4 ጊጋ ተበይዶ 8 ጊጋ ከተጨመረበት፣ ብዙ ላፕቶፖች 8ቱን ጊጋ በሁለት ቻናል፣ የቀረውን 4 በአንድ ያሠሩታል፤ ይህም ከአንድ ቻናል ይሻላል። ቻናሉ እጥፍ ሆነ ማለት ግን ፍሬሙ እጥፍ ይሆናል ማለት አይደለም፤ የግራፊክሱ የራሱ አቅም ቀጣዩ ገደብ ይሆናል።

አንዳንድ ርካሽ ላፕቶፖች አንድ ስሎት ብቻ አላቸው፤ ቦርዱ ላይም የተበየደ ራም የለም። እነዚህን በኋላ ወደ ሁለት ቻናል ማሻሻል አይቻልም። ስለዚህ ለጌም የምትገዙ ከሆነ የሞዴሉን ሙሉ ስም ይዛችሁ ስንት ስሎት እንዳለው አጣሩ፤ ያገለገለ ከሆነም ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ታስክ ማናጀሩን አስከፍታችሁ እዩ።