መልቀቂያው ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር

አንድ መሐንዲስ ከውጭ አገር የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ሊለቅ ነው እንበል። በሳይት ቢሮው ኮምፒውተር የጻፈው ደብዳቤ ብዙዎቻችን የምናውቀውን መልክ የያዘ ነው።

«ቀን፦ 02/10/2017። ጉዳዩ፦ የሥራ መልቀቂያ ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኔ አመልካች በድርጅታችሁ በቢሮ መሐንዲስነት ሳገለግል ቆይቻለሁ። አሁን ግን በገጠመኝ የግል ችግር ምክንያት ሥራዬን መቀጠል ስላልቻልኩ፣ ከሐምሌ 2 ቀን ጀምሮ በሥራ ገበታዬ ላይ የማልገኝ መሆኑን እየገለጽኩ፣ መልቀቂያና የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከሠላምታ ጋር።»

በአማርኛው ማንም አይሰናከልም። ችግሩ የሚመጣው የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ አማርኛ ስለማያነብ፣ የሰው ኃይል ክፍሉም ፋይሉን በእንግሊዝኛ ስለሚይዝ «ተርጉመህ አምጣ» ሲባል ነው። መሐንዲሱ ቃል በቃል ከገለበጠው ሰውዬው የሚያነበው ሌላ ደብዳቤ ይሆናል።

መጀመሪያ የሚጣመመው «እጠይቃለሁ» የሚለው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 31፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ እንደሚችል ይደነግጋል። የአሠሪው ይሁንታ አያስፈልገውም። በአማርኛ «መልቀቂያ ይሰጠኝ» ማለታችን ያለአለቃ ፊርማ መንቀሳቀስ ከማይቻልባቸው መሥሪያ ቤቶች የወረስነው ልማድ ይመስላል። አገር ውስጥ ጉዳት የለውም፤ ሁሉም ሰው ጥያቄው የወግ መሆኑን ያውቃል። ያንኑ በእንግሊዝኛ «እንድትለቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ብሎ መጻፍ ግን በሩን ለሌላው ሰው ትቶ መውጣት ነው። አንባቢው ማመልከቻ እንደደረሰው ያስባል፤ «እናየዋለን» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ሊያስቀምጠው ይችላል። በእንግሊዝኛው የንግድ ደብዳቤ ወግ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ቁርጥ ያለ ነው፦ ከዚህ የሥራ መደብ መልቀቄን በዚህ ደብዳቤ አሳውቃለሁ፣ የመጨረሻ የሥራ ቀኔም ይህ ነው። ርዕሱም «ስለመጠየቅ» ሳይሆን የመልቀቂያ «ኖቲስ» ይሆናል። ትሕትናው አይጠፋም፤ ቦታው ይቀየራል እንጂ። ምስጋናው በመጨረሻው አንቀጽ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይገባል። የሥራ ልምድ ማስረጃው ግን በእርግጥ ጥያቄ ስለሆነ ለብቻው በጥያቄነቱ ይተረጎማል።

ከዚህ የሚብሰው ቀኑ ነው። 02/10/2017 የሚለውን ቁጥር እንዳለ የተቀበለ የውጭ አገር ሰው ኦክቶበር 2 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል። ስምንት ዓመት ገደማ ወደኋላ ሄደ ማለት ነው። ይህኛው ስሕተት በጣም ትልቅ ስለሆነ ቶሎ ይታወቃል። አደገኛው ትንሹ ነው፦ ሰኔን «ጁን»፣ ሐምሌን «ጁላይ» ብሎ ቁጥሩን ሳይነኩ ማሳለፍ። ሰኔ 2 ቀን 2017 በፈረንጆቹ ጁን 9 ቀን 2025፣ ሐምሌ 2 ደግሞ ጁላይ 9 ነው። ተርጓሚው ጁላይ 2 ብሎ ከጻፈና መዝገብ ቤቱ ጁን 9 ቀን ገቢ ካደረገው፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ 23 ቀን ብቻ ነው። ሰባት ቀን ጎደለ። አዋጁ በአንቀጽ 45 ከሕጉ ውጭ ጥሎ የሄደ ሠራተኛ ካሳ እንደሚከፍል ይናገራል። መጠኑ ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም፤ የሚታሰበውም ከቀሪ ክፍያው ነው። የወር ስም በማቀያየር ብቻ እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ መግባት ያስቆጫል።

ቀኑ በትክክል ቢዞር እንኳ «ከሐምሌ 2 ጀምሮ» የሚለው አነጋገር አንድ ነገር ደብቋል። ደብዳቤው የገባበትን ሰኔ 2ን ትተን ከማግስቱ ብንቆጥር ሠላሳኛው ቀን ራሱ ሐምሌ 2 ነው። መሐንዲሱ በዚያን ቀን አልገኝም ካለ 29 ቀን ሰጠ። ስለዚህ በእንግሊዝኛው «የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ጁላይ 9 ቀን 2025 ነው» ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል፤ ግን ተርጓሚው በራሱ ሥልጣን የሚያስተካክለው አይደለም። ጸሐፊውን ጠይቆ፣ አማርኛውም አብሮ ታርሞ መሆን አለበት። (ነሐሴ ላይ የሚለቅ ሰው ደግሞ ጳጉሜን ያስታውስ፤ ከነሐሴ 10 እስከ መስከረም 10 ያለው ጊዜ 30 ሳይሆን 35 ቀን ወይም 36 ቀን ነው።)

ስለ ስምና ማዕረግ ብዙ ማለት አያስፈልግም። «ኢንጂነር» ብሎ ከስም ፊት ማስቀደም የእኛ አገር ወግ ነው፤ በእንግሊዝኛው ደብዳቤ የሥራ መደቡ ከስሙ ሥር ይጻፋል፣ የስሙ ፊደልም በቅጥር ውሉ ላይ እንዳለው ይሆናል። ለቻይናዊ ሥራ አስኪያጅ ከሆነ የቤተሰብ ስሙ ፊት ላይ የሚመጣው ነው፤ እንደ ፈረንጅ መጨረሻውን መያዝ አይገባም።

አሁን ወደ «የግል ችግር» እንምጣ። እውነተኛው ምክንያት የትርፍ ሰዓት ክፍያ ተደጋግሞ መቅረት ወይም ሳይት ላይ የደረሰ ስድብ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ ይህን በምሬት ዘርዝሮ ይጽፋል። ብዙ ተርጓሚዎች ታዲያ ለጸሐፊው አስበው ያለዝቡታል፤ «ለሥራ ዕድገቴ ስል» ይሉታል። ልማዱ የሚያስከፍል ነው። በአንቀጽ 32 መሠረት አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር የሚነካ ድርጊት ከፈጸመ ወይም መሠረታዊ ግዴታዎቹን በተደጋጋሚ ካልተወጣ፣ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። መብቱ የሚጸናው ግን ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም መፈጸሙ ካቆመበት ጊዜ ጀምሮ ለ15 የሥራ ቀናት ነው። ለዚህ ሲባል የተጻፈ አቤቱታ በእንግሊዝኛውም ከነቀኑና ከነድርጊቱ መቀመጥ አለበት፤ የሚቀነሰው የስሜት ቃሉ ብቻ ነው። መሐንዲሱ የ30 ቀኑን መንገድ ከመረጠ ደግሞ «በግል ምክንያት» ይበቃል፤ የእንግሊዝኛው አንባቢም ከዚያ በላይ አይጠብቅም።

ሌላው ወጥመድ ከተዘጋጁ ናሙናዎች የሚገለበጠው የስንብት አንቀጽ ነው። «ከለቀቅሁ በኋላም ለማንኛውም እገዛ ዝግጁ ነኝ» የሚለው በአማርኛው ውስጥ አልነበረም። ደስ የሚል አነጋገር ቢሆንም ማንም ያልሰጠው ቃል ነው። ከዚህ ይልቅ ርክክቡን በስሙ መጥራት ይጠቅማል፦ ያልተጠናቀቀው የክፍያ ሰርተፊኬት፣ የቴክ ኦፍ ሺቶቹ፣ የአስ ቢልት ሥዕሎቹ ለማንና በየትኛው ቀን እንደሚተላለፉ።

ሁለቱ ቅጂዎች ተያይዘው ይገባሉ። በአንቀጽ 34 መሠረት ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሆኖ ለአሠሪው ወይም ለወኪሉ ይሰጣል፣ አለዚያም ለጽሕፈት ቤቱ ገቢ ይደረጋል፤ መሐንዲሱ በእጁ በሚቀረው ግልባጭ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን ማስደረግ አለበት። ውሉ ከተቋረጠ በኋላ ደመወዝና ሌሎች ክፍያዎች በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈላሉ። ይህ ጊዜ ሊራዘም የሚችለው ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የድርጅቱን ንብረት ወይም ገንዘብ ሳይመልስ ከዘገየ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑና ቶታል ስቴሽኑ የተመለሱበት የርክክብ ፎርም ከደብዳቤው ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ።