የማስታወቂያው ገንዘብ በየትኛው ፍለጋ አለቀ?

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን በታክሲና በሊሞዚን ሥራ ይተዳደራሉ። ከእነርሱ አንዱ ሁለት ጥቁር መኪኖች ይዞ መንገደኞችን ከደለስ አየር ማረፊያ ያመላልሳል እንበል። ደንበኛ ለማግኘት ጎግል ላይ `dulles airport car service` የሚል ቁልፍ ቃል መርጦ ማስታወቂያ ከፈተ። በወሩ መጨረሻ 1,200 ዶላር ወጣ፤ 300 ክሊክ መጣ፤ 24 ሰዎች ጉዞ አስያዙ። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል እኔ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ አካሄዱ ግን በየዕለቱ የሚታይ ነው። አንድ ክሊክ 4 ዶላር፣ አንድ ጉዞ 50 ዶላር ፈጀበት ማለት ነው። 276 ሰዎች ማስታወቂያውን ነክተው ሳያስይዙ ሄደዋል። እነማን ነበሩ? ምን ፈልገው መጡ?

መልሱ ጎግል አድስ ውስጥ `Search terms` በሚባለው ሪፖርት ላይ ይገኛል። በብዙ አካውንቶች ከ`Campaigns` ሥር `Insights and reports` የሚለውን በመክፈት ይደረስበታል። አስተዋዋቂው የመረጠው ቃል አንድ ነገር ነው፤ ሰዎች በገዛ ጣታቸው የጻፉት ሌላ ነው፤ ሪፖርቱ የሚያሳየው ሁለተኛውን ነው። ሁለቱ የሚራራቁት ጎግል ቁልፍ ቃሉን ሰፋ አድርጎ ስለሚተረጉመው ነው። አስተዋዋቂው ሌላ ካልመረጠ ቁልፍ ቃሉ የሚገባው `Broad match` በሚባለው ሰፊ አሠራር ነው። በዚህ አሠራር ማስታወቂያው ቁልፍ ቃሉን ለያዙ ፍለጋዎች ብቻ ሳይሆን ጎግል ይዛመዳሉ ብሎ ለገመታቸው ሁሉ ይወጣል።

የሹፌራችንን ሪፖርት ስንከፍት የመጀመሪያው ችግር ይታየናል። በእንግሊዝኛ `car service` ማለት ሹፌር ያለው መኪናም ነው፣ የመኪና ጥገናም ነው። ስለዚህ ዘይት ለማስቀየር ጋራዥ የሚፈልግ ሰው ማስታወቂያውን ያያል፤ አንዳንዱም ይነካዋል። ቀጥሎ መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ የሚፈልግ፣ በሹፌርነት ለመቀጠር ሥራ የሚፈልግ፣ ራሱ የሚነዳው መኪና ሊከራይ ያሰበ ይመጣል። ከእነዚህ አንዱም የእሱ ደንበኛ አይደለም።

ብዙ ሰው ሪፖርቱን በወጪ ቅደም ተከተል ደርድሮ ከላይ ያሉትን ጥቂት መስመሮች አይቶ ይዘጋዋል። ትልቁ ብክነት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከታች ተበትኖ ነው የሚገኘው። ሥራ ፈላጊዎቹን እንይ፦ 11 የተለያዩ ፍለጋዎች ጽፈዋል፤ አንዱም ከሁለት ክሊክ በላይ የለውም፤ ለየብቻ ሲታዩ ዓይን አይስቡም። ሁሉም ተደምረው ግን 16 ክሊክ፣ 64 ዶላር ሆነዋል። ስለዚህ ሪፖርቱን ወደ ኤክሴል አውርዶ ፍለጋዎቹን በውስጣቸው ባለው ቃል ማሰባሰብ ያስፈልጋል፦ `jobs` ያለባቸው በሙሉ ስንት ወሰዱ? `parking` ያለባቸውስ? በዚህ መንገድ ሲደመር ጥገና 88 ዶላር፣ የመኪና ማቆሚያ 72 ዶላር፣ ሥራ ፍለጋ 64 ዶላር ሆነ። ከሦስቱ አንድም ጉዞ አልተያዘም።

`rental` የሚለው ቃል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በድምሩ 96 ዶላር ወስዶ ሁለት ጉዞ አምጥቷል። ዘርዘር አድርገን ስናየው ሁለቱም የመጡት `limo rental` ብለው ከጻፉ ሰዎች ነው፤ ለእነርሱ የወጣውም 20 ዶላር ብቻ ነው። የቀረውን 76 ዶላር የወሰዱት `car rental` የጻፉት ሲሆኑ ምንም አላስያዙም። ሹፌሩ ተቻኩሎ `rental` የሚለውን ቃል ብቻውን ቢያግድ ኖሮ ከሁሉ የተሻሉትን ደንበኞቹን ባባረረ ነበር። ማንኛውንም ቃል ከማገድ በፊት ጉዞ ካስያዙት ፍለጋዎች ውስጥ ያ ቃል መኖር አለመኖሩን ማየት ግዴታ ነው።

የሚታገደው ቃል ኔጋቲቭ ኪዎርድ ይባላል። አጻጻፉ ሦስት ዓይነት ነው፦

```
jobs
"oil change"
[dulles airport]
```

ምልክት የሌለው ቃል የትም ቦታ ቢገኝ ፍለጋውን ያግዳል፤ ሁለት ቃል ከሆነ ሁለቱም መኖር አለባቸው፣ ቅደም ተከተላቸው ግን ለውጥ የለውም። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያለው በዚያው ቅደም ተከተል ሲገኝ ብቻ ያግዳል። ማዕዘናዊ ቅንፍ ውስጥ ያለው ደግሞ ሰውየው ያንን ብቻ ጽፎ ሌላ ምንም ሳይጨምር ሲቀር ነው የሚያግደው። ሦስተኛው ምሳሌ የገባው በምክንያት ነው። `dulles airport` ብቻ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ የበረራ ሰዓት ወይም ካርታ ፈላጊ ስለሆነ ማገዱ ተገቢ ነው። ያለ ቅንፍ ቢገባ ግን `dulles airport car service` የሚሉትንም ጠራርጎ ያግዳል፤ እገዳና ቁልፍ ቃል ሲጋጩ የሚያሸንፈው እገዳው ነውና። ይህ ስህተት ምልክት አለው፦ በማግስቱ ማስታወቂያው የታየበት ቁጥር በድንገት ያሽቆለቁላል።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ጎግል ቁልፍ ቃልን በተመሳሳይ ትርጉምና በብዙ ቁጥር ሳይቀር ያሰፋዋል፤ የታገደን ቃል ግን አያሰፋም። `jobs` ታግዶ `job` ያልታገደ እንደሆነ `limo driver job` ብሎ የጻፈው ሰው ማስታወቂያውን ያያል። `hiring` እና `salary` የሚሉትም ለየብቻ መግባት አለባቸው።

ትርጉማቸው ግልጽ የሆኑትን ለማገድ አንድ ክሊክ ይበቃል፤ ዘይት ለማስቀየር የመጣ ሰው መቶ ጊዜ ቢመጣም ጉዞ አያስይዝም። አስቸጋሪዎቹ እንደ `cheap car service dulles` ያሉት ናቸው። 12 ክሊክ አግኝቶ ማንም አላስያዘም እንበል። ይጣል? አይጣል። የሹፌሩ አማካይ ከመቶ ክሊክ 8 ጉዞ ነው። ይህን ያህል የሚያስይዝ ጥሩ ፍለጋ እንኳ በመጀመሪያዎቹ 12 ክሊኮች ባዶ የመቅረት ዕድሉ 37 ከመቶ ገደማ ነው። 36 ክሊክ ደርሶ አሁንም ባዶ ከሆነ ያ ዕድል ወደ 5 ከመቶ ይወርዳል። እንግዲህ ተስማሚ ለሚመስል ፍለጋ የሁለት ወይም የሦስት ጉዞ ዋጋ፣ ማለትም ከ100 እስከ 150 ዶላር፣ እስኪፈጅ መታገሥ ያስፈልጋል። እኔ ከሁለት ስህተቶች ተቻኩሎ ማገድን የበለጠ እፈራለሁ። ያልታገደ ብክነት በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ ይታያል፤ ታግዶ የቀረ ደንበኛ ግን የትም አይመዘገብም።

ሪፖርቱ ሁሉንም አያሳይም። ከመስከረም 2020 ጀምሮ ጎግል በርካታ ሰዎች የጻፏቸውን ፍለጋዎች ብቻ በስም ያወጣል፤ ሌላው በአንድ ድምር ውስጥ ይቀራል። በእኛ ምሳሌ 840 ዶላሩ በስም የታየ፣ 360ው ስም አልባ ነው ብንል፣ ከታየው ላይ ያገኘነው ትምህርት ላልታየውም ይሠራል። `oil change` አንዴ ከታገደ ሪፖርቱ ላይ ያልወጡትንም ፍለጋዎች ይከለክላል።

ሹፌሩ እንግዲህ ጥገናውን፣ ማቆሚያውን፣ ሥራ ፍለጋውንና `car rental` የሚለውን አገደ። ከታየው ወጪ 300 ዶላር፣ የጠቅላላው ሩብ፣ በዚህ ይድናል። 24ቱ ጉዞዎች በ900 ዶላር ቢመጡ የአንዱ ዋጋ ከ50 ወደ 37.50 ዶላር ወረደ ማለት ነው። ሥራው ግን በአንድ ቀን አያልቅም፤ ሰፊው አሠራር ሌሎች ፍለጋዎችን ስለሚያመጣ በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ ማየት ይገባል።

ማስታወቂያችሁን ሌላ ሰው የሚያሠራላችሁ ከሆነ ይህን ሪፖርትና የታገዱትን ቃላት ዝርዝር በየወሩ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ክሊኩን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁና ለምን እንደከፈላችሁ ማየት ይገባችኋል።